ከስማችን በታች ያሉት መስመሮች፦ ስለ ፈረንሳይ የሥራ ኢሜይል ፊርማ

(በሊዮን ከተማ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በቅርቡ ሥራ ለጀመሩና የራሳቸውን ድርጅት ላቋቋሙ ወገኖች የተደረገ ንግግር። ከቅጂው እንዳለ የተጻፈ ነው።)

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ዝናቡን ታግሣችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ከስምንት መስመር ስለማትበልጥ ነገር ነው። ኢሜይል ጽፈን ከጨረስን በኋላ ከግርጌው ስለምትወጣው፣ ፈረንሳዮቹ ሲኛቲር ስለሚሏት። ስማችን፣ የሥራ መደባችን፣ ስልካችን፣ የድርጅታችን ማንነት። እኔ በዚህች ከተማ አሥራ አራት ዓመት በጸሐፊነትና በአስተዳደር ረዳትነት ሠርቻለሁ፤ በቀን ስድሳ ሰባ ኢሜይል ይደርሰኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከማላውቀው ሰው የመጣ ኢሜይል ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግርጌው ነው። ይህ ሰው ማነው? ምን ሥልጣን አለው? ከጀርባው ያለው ድርጅት የትኛው ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ፊርማው ካልመለሰልኝ ደብዳቤውን ወደ ጎን አደርገዋለሁ። እናንተም የምትጽፉላቸው ሰዎች እንዲሁ ናቸው።

ስለዚህ ንግግሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። አንደኛ ስምና የሥራ መደብ። ሁለተኛ ስልክና አድራሻ፤ እሱን ቶሎ አልፈዋለሁ። ሦስተኛ ሕግ የሚያስገድደን ነገር። ሦስተኛው ላይ እባካችሁ እንዳታንቀላፉ፣ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው።

አንደኛው፣ ስም።

እኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ወይዘሮ ሰላማዊት እንላለን እንጂ በአባቷ ስም ወይዘሮ ኃይሉ አንልም። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በመኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ `NOM` በሚለው ሥር የሰፈረው የአባታችሁ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቆጠራል፤ ማዳም፣ መሲዬ የሚባለውም በእሱ ነው። ፈረንሳዊው ደግሞ የእኛን ስም ሲያይ የትኛው የራስ፣ የትኛው የቤተሰብ እንደሆነ ማወቅ አይችልም። በምን ያውቃል?

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ቤት መጀመሪያ ላይ ፊርማዬን ሁለቱንም ስም በትንንሽ ፊደል፣ አንዳንዴም የአባቴን ስም አስቀድሜ እጽፍ ነበር። ከአራት ወር በኋላ አንድ አቅራቢ ድርጅት እኔን ሁለት ሰው አድርጎ መዝግቦኝ ተገኘ። አንዷ በስሜ የተጠራች ሴት፣ አንዱ በአባቴ ስም የተጠራ ወንድ። ለአንዷ የተላከው ደረሰኝ ለሌላው ማስታወሻ እየተላከበት፣ አንድ ክፍያ ሰባት ሳምንት ዘገየ። ያን ጊዜ አንዲት ትልቅ ሴት፣ የመሥሪያ ቤቱ የቆየች ጸሐፊ፣ አጠገቤ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦ «የራስሽን ስም አስቀድሚ፣ ፊደሉ ተራ ይሁን። የቤተሰብ ስምሽን ከኋላ አድርጊው፣ ፊደሉ ሁሉ በትልቁ ይሁን።» በቃ። የፈረንሳይ የቢሮ ልማድ ይኸው ነው፤ በትልቁ የተጻፈው የቤተሰብ ስም እንደሆነ ማንም ሰው ያውቃል።

```
Selamawit HAILU
```

ስሙ ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። አባቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። ስሙን በትልልቅ ፊደል ከስሜ ቀጥሎ ስጽፈው፣ በየቀኑ በስልሳ ደብዳቤ ግርጌ ሲወጣ፣ ለእኔ ሌላ ትርጉም ነበረው። ይህን የምለው ብዙዎቻችሁ «አባቴን ማዳም ይሉታል» እያላችሁ እንደምትከፉ ስለማውቅ ነው። እኔም ከፍቶኝ ነበር፤ ኋላ ግን ወደድኩት።

በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ስሙ ተገላብጦ የወጣበት ሰው አለ? እጃችሁን አያለሁ፤ አዎ፣ ብዙ ናችሁ። እስኪታረም ድረስ ፊርማችሁ ከወረቀቱ ጋር ይስማማ። ውሉም፣ የባንክ ሒሳቡም በዚያው ስም ስለሆነ፣ ፊርማው ብቻውን ቀድሞ ከተቃና ሌላ ሰው መስላችሁ ትታያላችሁ።

አሁን ማዳምና መሲዬ። ሰው ለራሱ ማዕረግ አይሰጥም። እኛስ «እኔ አቶ እገሌ ነኝ» የሚል ሰው እንዴት ነው የምናየው? ፈረንሳይኛም እንደዚያው ነው፤ በፊርማ ላይ ከራስ ስም ፊት ማዳም ወይም መሲዬ አይጻፍም። ግን አንድ ችግር አለ። ትዕግሥት ሴት ትሁን ወንድ፣ ደረጀ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንባቢው አያውቅም። መልስ ሲጽፍ ደግሞ የግድ ማዳም ወይም መሲዬ ማለት አለበት። ታዲያ ምን ይሻላል?

መልሱ ያለው የሥራ መደቡ ውስጥ ነው። ፈረንሳይኛ የሥራ ስምን በጾታ ይለያል። `Chargé de clientèle` ብሎ የጻፈ ወንድ ነው፤ `Chargée de clientèle` ያለች ሴት ናት። አንዲት `e` ሥራውን ሁሉ ሠራችው። `Directeur` እና `Directrice`፣ `Traducteur` እና `Traductrice` እንዲሁ ናቸው። አንዳንድ እህቶች የወንዱ መጠሪያ ከበድ ያለ ይመስላቸውና በእሱ ይጽፋሉ። እባካችሁ አታድርጉት። በቃላት ጉዳይ ወግ አጥባቂ የሚባለው አካዴሚ ፍራንሴዝ እንኳን በየካቲት 2019 በፈረንጆች አቆጣጠር የሥራ መጠሪያዎችን በሴት ማድረግ የሚከለክል ምክንያት እንደሌለ ተቀብሏል።

መደቡ ለሁለቱም ጾታ አንድ ከሆነ፣ ለምሳሌ `Comptable` ወይም `Responsable` ከሆነ፣ ያን ጊዜ ከስሙ ኋላ በቅንፍ `(Mme)` ወይም `(M.)` ማድረግ ነውር የለበትም። አንዳንድ ሥርዓት አዋቂዎች ይህንንም አይወዱም፤ እኔ ግን ለእኛ ስም አስፈላጊ ነው እላለሁ። ልብ በሉ፣ የመሲዬ አጽሕሮት `M.` ነው፤ `Mr` የእንግሊዝኛው ነው። `Mlle` ደግሞ በ2012 ከመንግሥት ቅጾች እንዲወጣ ታዟል፤ በሥራ ደብዳቤ አትጠቀሙበት።

የሥራ መደብ ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ጉዳት ያየሁት።

አንድ ወንድሜ የምለው ልጅ በአንድ የልብስ መደብር ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ደስ ብሎታል። ሥራው ማናጀር አይደል? መዝገበ ቃላት ከፈተና በፊርማው ላይ `Gérant` ብሎ ጻፈ። ቃሉ አስተዳዳሪ ማለት ነው፤ ልጁ አልዋሸም። ነገር ግን በፈረንሳይ ሕግ ዤራን ማለት ሳርል የሚባለው የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሕጋዊ መሪ ነው፤ በማኅበሩ ስም ውል የሚፈርም፣ በፍርድ ቤት የሚቆም ሰው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ የዕቃ አከራይ የሦስት ዓመት ውል ላከለት። ልጁ የዕቃ መረከቢያ መስሎት ፈረመ። ዋናው መሥሪያ ቤት ውሉን አላውቀውም ሲል አከራዩ ምን አቀረበ? ኢሜይሉን። ግርጌውን። «ዤራን ነኝ ብሎ ጽፎልኛል» አለ።

ይህ ባዶ ክርክር አይደለም። ማንዳ አፓራን የሚባል ሐሳብ አለ፤ የሰበር ፍርድ ቤቱ በ1962 ያጸናው ነው። ሌላው ሰው ሥልጣን አለው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ከነበረው፣ ውክልና ያልሰጠው ድርጅት እንኳን በውሉ ሊታሰር ይችላል። የልጁ ጉዳይ በስምምነት አለቀ፤ እሱ ግን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። መጻፍ የነበረበት `Responsable de magasin` ነበር።

እንግዲህ ያዙልኝ። ዤራን የሳርል መሪ ነው። ፕሬዚዳን ደግሞ ሳስ የሚባለው ሌላው የንግድ ማኅበር ዓይነት መሪ ነው። ዲሬክተር ዤኔራል እንዲሁ በድርጅቱ ስም የሚፈርም ሰው ተደርጎ ይወሰዳል። ከእነዚህ አንዱን የምትጽፉት በድርጅቱ ሰነድ ላይ እንዲያ ተብላችሁ የተመዘገባችሁ ከሆነ ብቻ ነው። ተቀጣሪ ከሆናችሁ በሥራ ውላችሁና በደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን መደብ እንዳለ ገልብጡ። እንዳለ!

ሌላው በሕግ የታጠረ መጠሪያ ነው። ከአዲስ አበባ በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ የመጣ ሰው ራሱን `Expert-comptable` ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ፤ የሒሳብ ባለሙያ ማለቱ ነው። ግን ይህ ስም ከ1945 ጀምሮ በሙያው ማኅበር መዝገብ ላይ ለሠፈሩ ሰዎች ብቻ የተከለለ ነው። በሕግ የታጠረ የሙያ ስም ያለመብት መጠቀም እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 15 000 ዩሮ ቅጣት ያስከትላል። አቮካ፣ አርሺቴክት፣ ፕሲኮሎግም የተጠበቁ ስሞች ናቸው። ተቀጥራችሁ ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ `Comptable` በሉ፤ እሱን ማንም አይከለክላችሁም።

ሁለተኛው፣ ስልክና አድራሻ። ቃል በገባሁት መሠረት አጠር አደርገዋለሁ።

የፈረንሳይ ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት እየተደረገ ይጻፋል። ብዙ ሰው ከአገር ውስጥም ከውጭም እንዲሆን ብሎ `+33 (0)1` እያለ በቅንፍ ውስጥ ዜሮ ይጨምራል። እዚህ መካከላችን ያለች ቡና አስመጪ እህታችን አዲስ አበባ ያለው ላኪዋ ሁለት ቀን ሊደውልላት ሞክሮ አልገባለትም፤ ዜሮውን አብሮ ይጫን ነበር። ቅንፉ ለፈረንሳዊ ግልጽ ነው፤ ለሌላው ሰው ወጥመድ ነው። ከውጭ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ዜሮውን ጨርሶ አውጡት፦ `+33 1 99 00 12 34`። ደንበኞቻችሁ ሁሉ እዚሁ ከሆኑ `01 99 00 12 34` ይበቃል። ይህ ቁጥር ለፊልምና ለምሳሌ ከተከለሉት ውስጥ ስለሆነ የማንም አይደለም፤ አትደውሉበት።

የግል ሞባይላችሁን አሠሪያችሁ ካልሰጣችሁ ስልክ ጋር አትቀላቅሉ። አንዴ ከፊርማ ላይ የወጣ ቁጥር አይመለስም፤ እሑድ ማታም ይደወልበታል። በአድራሻው ላይ የከተማው ስም በትልልቅ ፊደል፣ ከፊቱ አምስት አኃዝ ያለው የፖስታ ቁጥር። ከኢሜይል አድራሻ ፊት ቃል መጻፍ ከፈለጋችሁ `Mél.` ነው የሚባለው፣ ልክ እንደ `Tél.`።

ደግሞ ፊርማውን በሙሉ ሥዕል አታድርጉት። ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞች ሥዕልን ይዘጋሉ፤ ተቀባዩ የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው። ቢከፈትለትም ስልኩን ነክቶ መደወል፣ አድራሻውን መቅዳት አይችልም። ዓርማው ሥዕል ይሁን፣ ጽሑፉ ጽሑፍ ይሁን።

ሦስተኛው፣ ሕጉ።

የፈረንሳይ የንግድ ሕግ `R123-237` የሚባል አንቀጽ አለው። በንግድ መዝገብ የተመዘገበ ሰው ወይም ድርጅት በደረሰኙ፣ በትእዛዝ ወረቀቱ፣ በዋጋ ዝርዝሩ፣ በማስታወቂያው ላይ፣ እንዲሁም ሥራውን በሚመለከት «በደብዳቤዎች ሁሉ» ላይ ማንነቱን እንዲገልጽ ያዛል። ኢሜይል የሚለውን ቃል አይጠራም። ግን ለደንበኛ የተላከ ኢሜይል ደብዳቤ ካልሆነ ምንድነው? ደግሞም አንቀጹ «በእሱ ወይም በስሙ የተፈረመ» ይላል። ይኼ ማለት ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን፣ በድርጅቱ ስም የሚጽፍ ሠራተኛም ፊርማው ላይ ሊያሟላው ይገባል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጉድለቱ የአራተኛ ደረጃ ደንብ መተላለፍ ነው፤ እስከ 750 ዩሮ ያስቀጣል።

ምን ይጻፍ? ለሳርልና ለሳስ የድርጅቱ ስም ከነዓይነቱና ከነካፒታሉ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለበት አድራሻ፣ ሲረን የሚባለው ባለ ዘጠኝ አኃዝ መለያ፣ እንዲሁም ኤር ሴ ኤስ የሚለው የንግድ መዝገቡ ምልክት ከተመዘገባችሁበት ከተማ ስም ጋር። ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ካቢስ በሚባለው የምዝገባ ማስረጃችሁ ላይ። ከቃል አትጻፉ፤ ከካቢሱ ገልብጡ።

ቅድም የጠቀስኳት ቡና አስመጪ እህታችን ፈቅዳልኛለች፤ ፊርማዋን ስሙንና ቁጥሩን ለውጬ ላሳያችሁ። በፊት የነበረው ስሟ፣ «ማኔጂንግ ዳይሬክተር» የሚል የእንግሊዝኛ ማዕረግ፣ ሞባይሏ፣ ከዚያ ስለ ምስጢር የሚያስፈራራ አሥር መስመር ነበር። የድርጅቷ ስም እንኳን ሙሉውን አልነበረም። አብረን ተቀምጠን ይህን አደረግነው፦

```
Cordialement,

Selamawit HAILU
Gérante

Tél. +33 1 99 00 12 34
selamawit@exemple.fr

Exemple Café, SARL au capital de 5 000 €
Siège social : 12, rue de l'Exemple, 69007 LYON
RCS Lyon 123 456 789
```

እዩት። `Gérante` የሚለው ሁለት ነገር ነገረን፤ ሴት መሆኗንና የመፈረም ሥልጣን እንዳላት። ታችኞቹ ሦስት መስመሮች ሕጉን አሟሉ። የታክስ ቁጥሯ የለም፤ ቦታው ደረሰኝ ላይ ነው። ሲሬት የሚባለው ባለ አሥራ አራት አኃዝም የለም፤ እሱ ሲረኑ ላይ የቅርንጫፍ አምስት አኃዝ ተጨምሮበት የሚገኝ ነው፣ ለደብዳቤ ሲረኑ ይበቃል።

ሲረን ስትጽፉ አንድ አኃዝ ብትሳሳቱ ይታወቃል፤ ቁጥሩ በውስጡ መፈተኛ አለው። ከቀኝ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ስምንተኛውን እጥፍ አድርጉ፤ እጥፉ ከዘጠኝ ካለፈ ዘጠኝ ቀንሱለት፤ ከዚያ ሁሉንም ደምሩ። ድምሩ ለአሥር እኩል ካልተካፈለ ቁጥሩ ስሕተት ነው። የእኔ ምሳሌ 47 ይሰጣል፤ ስለዚህ የውሸት መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። የትልልቅ ድርጅቶች የሒሳብ ፕሮግራም ይህንኑ ፈትሾ ነው አንዳንዴ የሚመልስባችሁ።

ድርጅት ሳያቋቁሙ በግላቸው የሚሠሩስ? አስተርጓሚዎች፣ የጽዳት ሥራ የያዛችሁ፣ በሚክሮ የተመዘገባችሁ? ከግንቦት 15 ቀን 2022 በፈረንጆች ጀምሮ በሥራ ወረቀታችሁና በደብዳቤያችሁ ሁሉ ከስማችሁ ፊት ወይም ኋላ `Entrepreneur individuel` የሚለው ቃል ወይም `EI` የሚለው አጽሕሮት መኖር አለበት። የ2022ቱ ሕግ የግል ንብረታችሁን ከሥራው ንብረት ለይቶላችኋል፤ ይህቺ ሁለት ፊደል ያንን ለሌላው ሰው ታሳውቃለች። ለአስተርጓሚ እንዲህ ነው፦

```
Dawit TESFAYE, EI
Traducteur amharique-français
Tél. 01 99 00 56 78
SIREN 123 456 789
```

ነጋዴ ሆናችሁ በንግድ መዝገብ ከገባችሁ ኤር ሴ ኤሱና ከተማው ይጨመራል። የዕድር ወይም የማኅበር ጸሐፊዎች ደግሞ፣ በ1901 ሕግ የተቋቋመ ማኅበር ንግድ መዝገብ ውስጥ ስለሌለ ኤር ሴ ኤስ ብላችሁ አትጻፉ፤ የማኅበሩን ስም ጻፉና `association loi 1901` በሉ።

ያ አሥር መስመር ማስፈራሪያስ? «ይህ መልእክት ምስጢር ነው፣ በስሕተት ከደረሰህ አጥፋው» የሚለው? ሕግ አያስገድደውም፤ ያልተስማማን ሰው በግርጌ ጽሑፍ ማሰርም አይቻልም። አሠሪያችሁ ካዘዘ ተዉት፣ የራሳችሁ ከሆነ አውጡት። ዛፍ ለማዳን «አታትሙ» የሚለውም ግዴታ አይደለም። ማታ የምትጽፉ ከሆነ ግን «ከሥራ ሰዓት ውጭ መልስ አልጠብቅም» የሚል አንድ መስመር እኔ እወዳለሁ። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል የመለየት መብት በሕግ ታውቆለታል፤ ያቺ መስመር ለተቀባዩ እረፍት ትሰጣለች።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጣ። ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር እናድርግ። ስልካችሁን አውጡ፤ አጠገባችሁ ላለው ሰው አንድ ባዶ ኢሜይል ላኩ። የተቀበለው ሰው ጮክ ብሎ ይመልስ፦ ስሟ የትኛው ነው፣ የቤተሰቧስ? ማዳም ልበላት መሲዬ? ልትፈርም ትችላለች? ድርጅቷ የት ተመዝግቧል? ካቢስ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ጋ ኑ፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚያው ነኝ፣ አንድ በአንድ እንገለብጣለን።